የትኛው ዴልታ? የብራንድ ስም ክትትልና ማጣሪያው ዝም ብሎ የሚጥለው

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ለኮሮና ቫይረስ ዝርያዎች የግሪክ ፊደላት ስም አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በቁጥርና በነጥብ የተሞሉት ሳይንሳዊ መጠሪያዎች ለአፍ አይመቹም። ሕዝቡ ደግሞ ዝርያዎቹን በተገኙበት አገር ስም መጥራት ጀምሮ ነበር፤ ይህም አገራቱን ያስወቅስ ነበር። ስለዚህ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ ተባለ። B.1.617.2 የሚባለው ዝርያ አራተኛውን ፊደል አገኘ፤ ዴልታ ሆነ።

በዚያ ቀን አንድ ትልቅ አየር መንገድ ሳይጠየቅ ስሙን ከቫይረስ ጋር መጋራት ጀመረ። ዴልታ አየር መንገድ ይህን ስም ሲጠቀም ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት አልፎት ነበር። ስሙን ያገኘው በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ካለው የሚሲሲፒ ዴልታ ነው። እርግጥ ከዚያ በፊትም ስሙ የእሱ ብቻ አልነበረም። የወንዝ አፍ ዴልታ አለ። የውሃ ቧንቧ ዕቃ አምራች ዴልታ አለ። የጥርስ ሕክምና መድን ሰጪ ዴልታ አለ። በናይጄሪያ ዴልታ የሚባል ክልል አለ። በሒሳብ ደግሞ ልዩነትን የምናመለክትበት ምልክት ዴልታ ነው።

ሰዎች ስለ አየር መንገዱ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚሉ የሚከታተል ባለሙያ ያን ሳምንት ምን እንዳጋጠመው መገመት አያቅትም። ክትትሉ `delta` በሚል ቁልፍ ቃል ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያገኘው ስለ ሻንጣና ስለ መቀመጫ የሚያወራ ተሳፋሪ አይደለም። ስለ ሆስፒታል አልጋ የሚያወራ የዓለም ሕዝብ ነው።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት ምክንያት አለኝ። ስለ ቁልፍ ቃል ክትትል ሲወራ ሁሉም ስለ ጫጫታው ያማርራል። የማይመለከታችሁ ፖስት ይጎርፋል፣ ማንቂያው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ሰው ማንበቡን ይተዋል። ይህ እውነት ነው። እኔን ከጫጫታው በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጫጫታውን ለመቀነስ ስንል የምንጥለው ነው። ጫጫታ ይታያል፤ ያናድዳል፤ ስለዚህ እናስተካክለዋለን። ማጣሪያው የጣለው እውነተኛ ፖስት ግን አይታይም። ማንም አይናደድበትም። ማንም አያስተካክለውም።

የመጀመሪያው ስህተት፣ "ይህ ቃል ካለ ጣለው"

ጎርፉ ሲመጣ የሁሉም ሰው እጅ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። አብዛኞቹ የክትትል መሣሪያዎች `NOT` የሚል ትእዛዝ አላቸው። ከሱ ቀጥሎ የተጻፈው ቃል ያለበትን ፖስት ሁሉ ያስወጣል። እንዲህ ይሆናል፦

```
delta NOT (variant OR covid OR virus OR vaccine)
```

ከተጻፈ አንድ ደቂቃ በኋላ ጎርፉ ይጎድላል። ደስ ይላል። ችግር የተፈታ ይመስላል።

አሁን ወደ ኦገስት 25 ቀን 2021 እንሂድ። በዚያ ቀን የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤድ ባስቲያን ለሠራተኞች ማስታወሻ ላኩ። ክትባት ያልወሰደና በድርጅቱ የጤና መድን የታቀፈ ሠራተኛ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ በወር 200 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ተወሰነ። በዚያ ሰሞን ስለ ድርጅቱ ከተነገሩት ሁሉ ምናልባት ትልቁ ዜና ይህ ነው። ሠራተኛው ተነጋገረበት፣ ተሳፋሪው አስተያየት ሰጠበት፣ መገናኛ ብዙኃን ተቀባበሉት።

ከላይ ያለው ማጣሪያ ከዚህ ሁሉ ስንቱን ያሳያል? ከሞላ ጎደል ምንም። ስለ ጉዳዩ የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ ክትባት የሚል ቃል አለበት። ብዙው ኮቪድ ይላል። ባለሙያው ዴስኩ ላይ ተቀምጦ ጸጥ ያለ ቀን ያሳልፋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ባስቲያን ራሳቸው በዚያ ማስታወሻ ላይ ዝርያውን በሕዝቡ መጠሪያ አልጠሩትም፤ B.1.617.2 ብለው ጻፉት። ድርጅቱ የራሱን ስም ከበሽታው ለመለየት የሚችለውን አድርጓል። የሌላው ዓለም ጸሐፊ ግን እንደሱ አይጠነቀቅም። "ዴልታ ስለ ዴልታ ክፍያ ጣለ" ብሎ ይጽፋል። ማጣሪያ የሚሠራው ደግሞ ሌላው ዓለም በሚጽፈው ላይ ነው።

ይህ የአንድ ድርጅት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የሚያስወጣ ቃል የምትመርጡት በሰላሙ ቀን ነው። ያን ቀን ቃሉ ከእናንተ ጋር ግንኙነት የለውም። ችግር ሲመጣ ግን ቃሉና ስማችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገናኛሉ። የምግብ አምራች "መርዝ" የሚለውን ቃል አስወጥቶ ይሆናል፤ ስሙን የሚጋራ ፊልም ስለነበረ። አንድ ቀን የራሱ ምርት መርዝ አለበት ተብሎ ሲወራ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ማስወጫ ዝርዝር የሚከዳችሁ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው።

ቃሉን ሳይሆን ሐረጉን፣ ፖስቱን ሳይሆን ቁራጩን

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የምሠራበት መንገድ ከማስወጣት አይጀምርም። የሚጀምረው ጥርጥር ከሌለው ነገር ነው።

አንዳንድ አጻጻፍ ምንም አያሻማም። ሙሉ ስም፣ የድርጅቱ መለያ ስም፣ የድረ ገጹ አድራሻ፣ እሱ ብቻ ያለው ምርት ስም። ለአየር መንገዱ እንዲህ ይሆናል፦

```
"delta air lines" OR @delta OR "delta.com" OR skymiles
```

`skymiles` የድርጅቱ የደንበኞች ነጥብ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ነው። ቫይረስም ሆነ ወንዝ ይህን ስም አይጋራም። ይህ የመጀመሪያው በር ነው። በዚህ በር የገባ ፖስት ምንም ማጣሪያ አይነካውም። ውስጡ ኮቪድ ይኑር፣ ክትባት ይኑር፣ ይለፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማስወጫውን በመላው ፍለጋ ላይ ይጭነዋል፤ ጥርጥር የሌለውንም አብሮ ያቃጥለዋል።

ሁለተኛው በር `delta` ብቻውን ለተጻፈበት ፖስት ነው። እዚህ አካባቢውን ማየት ግድ ነው። ብዙ የሚከፈልባቸው መሣሪያዎች ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ትእዛዝ አላቸው። አጻጻፉ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ የተለመደው ይህን ይመስላል፦

```
delta NEAR/6 (flight OR gate OR boarding OR pilot OR luggage OR seat)
```

ትርጉሙ "ዴልታ ካለበት በስድስት ቃል ርቀት ውስጥ ከነዚህ አንዱ ይኑር" ነው። በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ስለ ቫይረሱ የተጻፈ የሁለት ሺህ ቃል ዘገባ በረራ የሚል ቃል የሆነ ቦታ መጥቀሱ አይቀርም። ግን ከዴልታ አጠገብ ላይሆን ይችላል። በአጭር ፖስት ላይ ደግሞ ርቀቱ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ፖስቱ ራሱ አሥራ አምስት ቃል ነውና።

ቫይረሱስ? እሱን የማስወጣው ፖስቱን በመጣል አይደለም። "የዴልታ ዝርያ" የሚለውን ሐረግ ከጽሑፉ ላይ እሸፍነዋለሁ። ከዚያ የቀረው ጽሑፍ ውስጥ ዴልታ አሁንም አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በፓይተን እንዲህ ነው፦

```
import re
masks = ["delta variant", "delta force", "nile delta"]
t = post.lower()
for m in masks:
    t = t.replace(m, " ")
hit = re.search(r"\bdelta\b", t)
```

ሁለት ፖስት ወስደን እንሞክረው። አንዱ "የዴልታ ዝርያ እየተስፋፋ ነው፤ የበረራ እገዳ ሊመጣ ነው" ይላል በእንግሊዝኛ። `delta variant` ሲሸፈን በውስጡ ሌላ ዴልታ አይቀርም። ይወድቃል፤ መውደቅም አለበት። ሌላው "ይህ የዴልታ ዝርያ አስፈርቶኛል፤ ነገ በዴልታ በረራ አለኝ" ይላል። ሐረጉ ሲሸፈን ሁለተኛው ዴልታ ቦታው ላይ ይቆያል፤ አጠገቡም በረራ አለ። ያልፋል። `NOT` ብንጠቀም ኖሮ ሁለቱም ይጠፉ ነበር። ይህ ሰው እኮ ደንበኛ ነው። ነገ ይበራል። ፈርቷል። ድርጅቱ ሊያናግረው የሚፈልገው ሰው ማለት እሱ ነው።

ዝግጁ የክትትል መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ይህን መሸፈን አይችሉም። ስለዚህ መሣሪያው ሰፋ አድርጎ እንዲሰበስብ ትቼ፣ ማጣራቱን በራሴ አነስተኛ ኮድ እሠራለሁ። ኮድ ለማይጽፍ ሰው መውጫው ሁለተኛውን በር በሐረግ ብቻ ማጥበብ ነው፦ `NOT "delta variant"`። ይህም እውነተኛ ፖስት ይጥላል። ግን `NOT variant` ከሚጥለው በጣም ያነሰ ነው።

በትልቅና በትንሽ ፊደል መለየትስ? ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ስም ስለሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ስለዚህ `Delta` እንጂ `delta` አንቀበል ይባላል። ለጋዜጣ ጽሑፍ ጥቂት ይረዳል። ስልኩ ላይ ተናድዶ የሚጽፍ ተሳፋሪ ግን ትልቅ ፊደል አይጨንቀውም። ማግኘት የምትፈልጉት ደግሞ በዋናነት የእሱን ጽሑፍ ነው።

ቁጥሩን እንሥራው

ሁሉንም በአንድ ቀን ላይ እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ራሴ ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

በቀን `delta` የሚል ቃል ያለባቸው 1,000 ፖስቶች ይመጣሉ እንበል። ከነዚህ 600ው ስለ ቫይረሱ ናቸው። 280ው ስለ ወንዝ፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ሒሳብ ናቸው። 120ው ብቻ ስለ አየር መንገዱ ናቸው። ከ120ዎቹ ደግሞ 40ዎቹ ኮቪድን ወይም ክትባትን አብረው ያነሳሉ፤ ጊዜው ነውና።

`NOT` የሚለው ማጣሪያ 600ዎቹን የቫይረስ ፖስቶች ይጥላል እንበል። 40ዎቹንም ይጥላል። 360 ያሳልፋል፤ ከነዚህ እውነተኛው 80 ነው። ልብ በሉ፤ ከአምስት ፖስት አራት ያህሉ አሁንም ጫጫታ ነው። በዚያ ላይ ከእውነተኛዎቹ አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል። በሁለቱም በኩል ተሸነፍን።

በሁለቱ በሮችስ? የመጀመሪያው 50 ያሳልፋል እንበል፤ ሁሉም እውነተኛ ናቸው። ሁለተኛው 60 ያሳልፋል፤ 50ው እውነተኛ ናቸው። አሥሩ ስህተት ናቸው። "የዴልታ ሕሙማን በዙ፤ የበረራ እገዳ ሊመጣ ነው" የሚል ፖስት ዝርያ የሚል ቃል ስለሌለው አልተሸፈነም፤ በረራም አጠገቡ ስላለ አልፏል። ይህን እታገሠዋለሁ። በድምሩ 110 አልፈው 100ው እውነተኛ ናቸው። ከተነበበው ከአሥር ዘጠኙ ፍሬ ነው።

ያለፈው ስንት እውነተኛ እንዳለበት ማወቅ ቀላል ነው፤ አንብቦ መቁጠር ነው። በሙያው ቋንቋ ፕሪሲዥን ይባላል። ከእውነተኛዎቹ ሁሉ ስንቱ አለፈ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሪኮል ይሉታል። ለዚህ የወደቀውን ክምር ማየት ይጠይቃል። እኛ ምሳሌውን ስለሠራነው 20 እንደወደቁ እናውቃለን። በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን ማንም አይነግራችሁም።

የወደቀውን ክምር ማንበብ

ብዙ መሣሪያ የማያሳየው ይህን ክምር ነው። ማጣሪያው ካስወጣው በኋላ የትም አይቀመጥም። ለዚህ ነው ሰፋ አድርጎ መሰብሰብና ኋላ ማጣራት የምመርጠው። 890ዎቹ የወደቁት ፖስቶች ፋይል ላይ ይቀመጣሉ። ሁሉንም ማንበብ አይቻልም። ከነሱ መቶውን በዕጣ አወጣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን መቶ አይደለም፣ በዕጣ። የመጀመሪያዎቹ መቶ የጥቂት ሰዓታት ፖስቶች ይሆናሉ፤ የቀኑን መልክ አያሳዩም።

መቶውን ማንበብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁለት እውነተኛ ፖስት አገኘሁ እንበል። ከመቶ ሁለት ከሆነ፣ ከ890 ወደ 18 ይሆናል ማለት ነው። ያለፉት እውነተኛዎች 100 ስለሆኑ፣ ጠቅላላው 118 ገደማ ነው። እንግዲህ ማጣሪያዬ ከመቶ 85 ያህሉን ይይዛል። ትክክለኛው መልስ 120 ነበር፤ ግምቱ ቀርቧል።

ግን በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ እምነት መጣል አይገባም። መቶ ናሙና ትንሽ ነው። በተለይ አንድ ወጥመድ አለ። መቶውን አንብባችሁ አንድም እውነተኛ ፖስት ካላገኛችሁ፣ የጠፋ የለም ማለት አይደለም። በስታቲስቲክስ የታወቀ ቀላል ሕግ አለ፦ ከመቶ ናሙና ዜሮ ካገኛችሁ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የምትሉት "ከሦስት በመቶ አይበልጥም" ብቻ ነው። ከ890 ሦስት በመቶ 27 ነው። ሃያ ሰባት የተቆጣ ተሳፋሪ ዜሮ ከሚል ሪፖርት ጀርባ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ናሙናው በየሳምንቱ ይደገማል፤ አራት ሳምንት ሲጠራቀም አራት መቶ ይሆናል፤ ያኔ ቁጥሩ መናገር ይጀምራል።

ከቁጥሩ በላይ ግን የሚጠቅመው የተገኙት ሁለቱ ፖስቶች ራሳቸው ናቸው። ምን ይላሉ? አንዱ "ዴልታዎች፣ አራት ሰዓት ሙሉ ስልክ ላይ ጠብቄ መልስ የለም" ይላል። በረራ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ ሻንጣ የለም። ግን ንጹሕ የደንበኛ ቅሬታ ነው። ዝርዝራችን አውሮፕላን ላይ ያለውን ነገር ብቻ አስቦ ነበር፤ ስልክ ጥበቃን አላሰበም። አሁን `"on hold"` ይጨመራል። ዝርዝር የሚያድገው እንዲህ ነው፤ ከጣለው ነገር እየተማረ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቃል በመፈልሰፍ አይመጣም።

አካባቢን የሚያይ በርም ቢሆን የራሱ ድክመት እንዳለው መደበቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያወጣው የተሳሳተ ዝማኔ በዓለም ዙሪያ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። ዴልታ በቀጣዮቹ ቀናት 7,000 ገደማ በረራዎችን ሰረዘ። ከዚያ አንድ ቀን በፊት የአየር መንገድ ቁልፍ ቃል ዝርዝር ውስጥ ክራውድስትራይክ የሚል ስም ማን ያስገባል? "ዴልታ አሁንም እንደወደቀ ነው፤ ክራውድስትራይክ ምስጋና ይግባው" የሚል ፖስት በሁለተኛው በር አያልፍም። ስለዚህ ሌላ ነገር መመልከት ያስፈልጋል፦ የወደቀው ክምር መጠን። በተለመደ ቀን 890 የነበረው ድንገት 3,000 ከሆነ፣ አንዱም በር ሳይከፈት አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ያን ሰዓት ሳምንቱን አትጠብቁም፤ ወዲያው ሃያ ፖስት ታነባላችሁ። የኔ ምክር፣ ማንቂያ በፖስት ላይ ብቻ ሳይሆን በክምሩ ቁጥር ላይም ይደረግ።

በፊደላችን ሲጻፍ

እስካሁን ያወራነው ስለ እንግሊዝኛ ቃል ነው። ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ማጣሪያው ሌላ ፈተና ይገጥመዋል።

ሰው ዴልታ ብሎ ብቻ አይጽፍም። በዴልታ፣ ከዴልታ፣ የዴልታ፣ ስለዴልታ፣ ዴልታን፣ ዴልታም ይላል። በእንግሊዝኛ ከእነዚህ ተጨማሪዎች አብዛኞቹ ለብቻቸው የቆሙ ቃላት ናቸው፤ በኛ ግን ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። "ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ" የሚለውን ምርጫ ከከፈታችሁ፣ በዴልታ የሚለውን አያገኘውም። "የትም ቦታ ፈልግ" ካላችሁ ደግሞ አጭር ስም ያላችሁ ሰዎች ትቸገራላችሁ። ላም የሚል ስም ሰላም ባለ ሰው ሁሉ ላይ ይጮኻል። ለም የሚል ስም ዓለምና ቀለም ውስጥ ይገኛል። እንግሊዝኛውም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ `visa` የሚለው ቃል `advisable` ውስጥ ተደብቋል።

መፍትሔው ቅጥያዎቹን በስም መፍቀድ ነው፦

```
r"(?<!\w)(የ|በ|ለ|ከ|ስለ|እንደ)?ዴልታ(ን|ም|ና|ስ)?(?!\w)"
```

ይህ በፓይተን ይሠራል፤ ፓይተን የግዕዝ ፊደልን እንደ ፊደል ያውቀዋል። በጃቫስክሪፕት ግን ተጠንቀቁ። እዚያ `\w` እና `\b` የሚያውቁት የላቲን ፊደልን፣ ቁጥርንና የሥር ሰረዝን ብቻ ነው። `/\bዴልታ\b/` ብትጽፉ በክፍት ቦታዎች መካከል የቆመን ዴልታ እንኳ አያገኝም። ስህተት ነው አይልም። ዝም ብሎ ምንም አልተገኘም ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ስሙን ማንም አላነሳም ብሎ ለሳምንታት ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ስሙ ያለበት አሥር ዐረፍተ ነገር ራሳችሁ ጻፉና ማጣሪያው ላይ አሳልፉት። አሥሩም ካልወጡ ማጣሪያው ነው እንጂ ሕዝቡ አይደለም ዝም ያለው።

ሌላው ጉዳይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። አንድ ምርት ፀሐይ ይባል እንበል። የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ ይጻፋል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት አጻጻፍ ነው፤ ቅጥያ ሳይጨመር። አሥራ ሁለቱን መዘርዘር አያስፈልግም። ከፍለጋው በፊት ጽሑፉንም ቁልፍ ቃሉንም ወደ አንድ ፊደል መመለስ ይበቃል፦ ፀን ወደ ጸ፣ ሁሉንም ሀዎች ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ። ፀሐይ የሚለው ቃል ስለ አየር ሁኔታ ለሚያወራም ሰው የጋራ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያው የሁለት በሮች ሥራ ይጀምራል።

ለማን ነው የሚጮኸው?

ሰዎች ማጣሪያውን ከልክ በላይ የሚያጠብቁት ያለፈው ሁሉ ስልካቸው ላይ ስለሚጮኽ ነው። በቀን 110 ጊዜ የሚጮኽ ስልክ ማን ይታገሣል? ግን ያለፈ ሁሉ መጮኽ የለበትም። በመጀመሪያው በር የገባና ብዙ ሰው ያጋራው ወዲያው ይጩህ። ሁለተኛው በር ያሳለፈው በቀን አንዴ ተጠቅልሎ ይምጣ። የወደቀው በሳምንት አንዴ በናሙና ይነበብ። ይህን ስትለዩ ማጣሪያውን ማላላት ትችላላችሁ፤ አሥር የተሳሳቱ ፖስቶች በጠዋት ዝርዝር ውስጥ ማንንም አይገድሉም።

ምንም ማጣሪያ የማይደርስባቸውም አሉ። በቪዲዮ ውስጥ በድምፅ የተነገረ ስም። ፎቶ ላይ ብቻ የሚታይ አርማ። የተዘጋ ቡድን ውስጥ የተጻፈ። እንዲሁም ስም ያልተጠራበት ምላሽ፦ አንዱ ስለ ዴልታ ይጽፋል፣ ከሥሩ አርባ ሰው "እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል" ይላል። አርባዎቹ ውስጥ ዴልታ የሚል ቃል የለም። ስለዚህ በመጀመሪያው በር የገባን ፖስት ሳገኝ ከሥሩ ያለውን ውይይት በእጄ ከፍቼ አነባለሁ። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱን ሕግ ሳስገባ አጠገቡ ቀኑንና ምክንያቱን እጽፋለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ድርጅት የክትትል ዝርዝር ተረክቤ ስድሳ ያህል የሚያስወጡ ቃላት አገኘሁበት። ለምን እንደገቡ የሚያውቅ ሰው ድርጅቱ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ቃል የዋና ተፎካካሪያቸው ስም ነበር። ሁለቱን ምርቶች የሚያወዳድር ደንበኛ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሲጣል ኖሯል ማለት ነው። አሁን በዝርዝሬ ላይ `delta variant` ቢኖር አጠገቡ "ሜይ 31፣ 2021፣ የጤና ድርጅቱ ስም አወጣ" ይላል። በየስድስት ወሩ ሕጉን ለአንድ ቀን አጥፍቼ ስንት ፖስት እንደሚጨምር እቆጥራለሁ። ሦስት ወይም አራት ብቻ ከጨመረ ሕጉ ይወጣል።